ሃያ ሦስቱ አባወራዎች ከመቶ ስንት ናቸው?

አንድ የኮንዶሚኒየም ኮሚቴ አለ እንበል። የግቢው ትራንስፎርመር ጭነቱን አልችል እያለ በእራት ሰዓት መብራት ይጠፋል። ኮሚቴው ትራንስፎርመሩ በትልቅ እንዲቀየርለት ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት ሊያመለክት ነው፤ ማመልከቻው ደግሞ ወሬ ሳይሆን ቁጥር እንዲይዝ ፈልጓል። ስለዚህ በግቢው ለሚኖሩት 64 አባወራዎች አንዳንድ ወረቀት ታደለ። ወረቀቱ ላይ ያለው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ምግብ በዋናነት የምታበስሉት በምንድን ነው?» ከሥሩ ባዶ መስመር ተትቷል። ከሳምንት በኋላ 50 ወረቀት ተመለሰ።

ኮሚቴውም ቁጥሮቹም ለማስረዳት የታሰቡ ናቸው። የሚገጥማቸው ችግር ግን ትምህርት ቤት የተማሪዎቹን አስተያየት ሲሰበስብ፣ ዕድር የአባላቱን ሐሳብ ሲጠይቅ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠራ ተማሪ መጠይቅ ሲበትን ከሚገጥመው አይለይም። እጃቸው ላይ ያለው 50 ወረቀት ነው፤ የሚፈልጉት ግን አንድ ገጽ የማይሞላ ሠንጠረዥ ነው። በሠንጠረዡ ግራ የመልሱ ዓይነት፣ መካከል ስንት ሰው ያን መልስ እንደሰጠ፣ ቀኝ ደግሞ ያ ቁጥር ከመቶ ስንት እንደሆነ ይቀመጣል። የስታቲስቲክስ መምህራን የድግግሞሽ ሠንጠረዥ የሚሉት ይህንን ነው።

ወረቀቶቹ ሲገለጡ ግን መልሶቹ ለሠንጠረዥ የተሰናዱ አይደሉም። አንዱ «መብራት» ብሏል፣ ሌላው «ኤሌክትሪክ»፣ ሦስተኛው «ኮረንቲ»፣ አራተኛዋ «የኤሌክትሪክ ምድጃ»። እነዚህን አንድ ላይ ማድረግ አያከራክርም። «ቡታጋዝ» እና «ሲሊንደር» የሚሉትም አንድ ናቸው። ሁለት ሰዎች ግን «ጋዝ» ብለው ብቻ አልፈዋል። ሲሊንደሩን ነው ወይስ ነጭ ጋዙን? በአዲስ አበባ ሁለቱም በዚህ ስም ይጠራሉ። አንድ ሰው ደግሞ «ምድጃ» ብሏል፤ የኤሌክትሪክም ምድጃ አለ፣ የከሰልም አለ። አንድ ነዋሪ «እኔ ቤት ምግብ አይበስልም፣ ውጭ ነው የምበላው» ሲል ጽፏል። አራት ወረቀት ምንም ሳይጻፍበት ተመልሷል።

እዚህ ላይ ቆጣሪው የሚወስነው ውሳኔ ከማባዛትና ከማካፈሉ ይበልጣል። «ጋዝ» ያሉትን ሁለቱን ወደ ቡታጋዝ መጨመር ቀላል ነው፣ ምናልባትም ትክክል ሊሆን ይችላል። ግን መገመት ነው። የሚሻለው ተመልሶ መጠየቅ ነው፤ ወረቀቱ ስም ከሌለበትና መጠየቅ ካልተቻለ ደግሞ «ግልጽ ያልሆነ» የሚል መደብ ከፍቶ እዚያ ማስቀመጥ ነው። ምግብ አያበስልም የተባለው ቤት ደግሞ ከባዶ ወረቀቶቹ ጋር መደመር የለበትም። ያ ሰው መልስ ሰጥቷል፤ መልሱ «አላበስልም» ነው። ባዶውን የመለሰው ግን በምን እንደሚያበስል አይታወቅም። በትላልቅ ጥናቶች ይህ ሁሉ ቀድሞ የታሰበበት ነው። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መጠይቅ ላይ ለማብሰያው ጥያቄ የተዘረዘሩ ምርጫዎች አሉ፤ ኤሌክትሪክ፣ ከሰል፣ እንጨት፣ ኩበትና ሌሎችም እያንዳንዳቸው የራሳቸው ኮድ አላቸው። «በቤቱ ምግብ አይበስልም» የሚለውም ለብቻው ኮድ ተሰጥቶታል።

ውሳኔዎቹ አንድ ጊዜ ከተወሰዱ በኋላ ወረቀት ላይ መጻፍ አለባቸው፤ «ኮረንቲ ያለውን ከኤሌክትሪክ ደምረነዋል፣ ጋዝ ብቻ ያለውን ግልጽ ካልሆነው አስገብተነዋል» ተብሎ። አለበለዚያ ሠላሳኛው ወረቀት ላይ የደረሰ ቆጣሪ ሦስተኛው ላይ ምን እንደወሰነ አያስታውስም።

ከዚያ ቆጠራው ይመጣል። በእጅ ከሆነ ሁለት ሰው ይበቃል፤ አንዱ ወረቀቱን እየገለጠ ያነባል፣ ሌላው ከመደቡ ፊት ጭረት ያሰምራል። አራት ጭረት ቆመው አምስተኛው አግድም ሲያቋርጣቸው አንድ እስር ይሆናሉ፤ መጨረሻ ላይ በአምስት በአምስት ለመቁጠር ያመቻል። ሃምሳ ወረቀት ለዚህ ዘዴ የሩብ ሰዓት ሥራ ነው።

በኮምፒዩተር የሚሠራ ሰው ደግሞ መልሶቹን በኤክሴል አንድ ዓምድ ውስጥ ወደ ታች ይጽፋቸዋል፤ ከመጀመሪያው ረድፍ ርዕስ ቀጥሎ ከB2 እስከ B51። አንዱን መደብ ለመቁጠር የሚጻፈው ይህ ነው፦

```
=COUNTIF(B2:B51,"ከሰል")
```

ኮምፒዩተሩ አይሳሳትም የሚል ሰው ግን እዚህ ይሸወዳል። በአማርኛ ሲጻፍ አንዱ «ከሰል» ሌላው «ከሠል» ብሎ ቢያስገባ ለአንባቢ አንድ ነው፤ ለኤክሴል ግን ሁለት የተለያዩ ቃላት ናቸው፣ «ከሠል» አይቆጠርም። «ኤሌክትሪክ» እና «ኤሌትሪክ»ም እንዲሁ። ይባስ ብሎ ከቃሉ በኋላ በስህተት የተነካች አንዲት ባዶ ቦታ ለዓይን ሳትታይ መልሱን ከቆጠራው ታስወጣዋለች። ማምለጫው መልሱን በቃል ሳይሆን በኮድ ማስገባት ነው፤ ኤሌክትሪክ 1፣ ከሰል 2፣ እያለ ይቀጥላል። ስህተቱ መኖሩን የሚያሳውቀው ደግሞ በጣም ተራ የሆነ ነገር ነው፦ የሁሉም መደቦች ድምር። 50 ወረቀት ገብቶ ድምሩ 47 ከሆነ ሦስት መልስ የሆነ ቦታ ጠፍቷል። 51 ከሆነ አንድ ወረቀት ሁለት ጊዜ ተቆጥሯል። ድምሩ ሳይገጥም ወደ መቶኛ መሄድ ትርፉ ድካም ነው።

በእኛ ግቢ ድምሩ ገጥሟል እንበል። ቆጠራው ይህን ይመስላል፦

| ዋና ማብሰያ | አባወራ | ከ50ው በመቶ |
|---|---|---|
| ኤሌክትሪክ | 23 | 46 |
| ከሰል | 12 | 24 |
| ቡታጋዝ | 6 | 12 |
| ነጭ ጋዝ | 1 | 2 |
| ምግብ አይበስልም | 1 | 2 |
| ግልጽ ያልሆነ | 3 | 6 |
| መልስ ያልተጻፈበት | 4 | 8 |
| ድምር | 50 | 100 |

ረድፎቹ ከብዙ ወደ ጥቂት ተደርድረዋል፤ ግልጽ ያልሆነውና ባዶው ግን ቁጥራቸው ምንም ያህል ቢሆን ከታች ይቀመጣሉ። መልሶቹ የራሳቸው ተፈጥሯዊ ቅደም ተከተል ቢኖራቸው ኖሮ፣ ለምሳሌ ጥያቄው «በወር ስንት ጊዜ መብራት ይጠፋል?» የሚል ቢሆን፣ በብዛት መደርደር ስህተት ይሆን ነበር። ያን ጊዜ ከዜሮ ወደ ላይ ነው የሚኬደው።

የመቶኛው ስሌት ማንም ያውቀዋል፤ የመደቡን ቁጥር ለጠቅላላው አካፍሎ በመቶ ማባዛት ነው። 23 ሲካፈል ለ50፣ ሲባዛ በ100፣ 46 ይመጣል። ችግሩ ያለው «ለጠቅላላው» በምትለዋ ቃል ውስጥ ነው። የትኛው ጠቅላላ?

ከኮሚቴው አባላት አንዱ እንዲህ ቢል አይፈረድበትም፦ «ባዶ ወረቀት የመለሰውንና ምን እንዳለ ያልገባንን ለምን እንቆጥራለን? በምን እንደሚያበስሉ የምናውቀው የ43ቱን ብቻ ነው።» 23 ለ43 ሲካፈል 53.5 በመቶ ይሆናል። ሌላዋ አባል ደግሞ «ወረቀት የሰጠነው እኮ ለ64 አባወራ ነው፤ ያልመለሱት 14ቱ የግቢው ሰዎች አይደሉም?» ብትል እሷም እውነት አላት። 23 ለ64 ሲካፈል ወደ 36 በመቶ ይጠጋል። ሃያ ሦስቱ አባወራዎች እዚያው ናቸው፤ አንድም አልጨመሩም፣ አንድም አልቀነሱም። ድርሻቸው ግን 36ም፣ 46ም፣ 53.5ም ሆኗል። ማመልከቻው «ከግማሽ በላይ ነዋሪ በኤሌክትሪክ ያበስላል» ብሎ መጀመር አለመጀመሩ የተንጠለጠለው በአካፋዩ ምርጫ ላይ ነው።

ከሦስቱ ውሸት የሆነ የለም። እያንዳንዱ ግን የሚመልሰው ጥያቄ የተለየ ነው። 53.5 «ግልጽ መልስ ከሰጡት ውስጥ» ነው፤ 46 «ወረቀት ከመለሱት ውስጥ»፤ 36 ደግሞ «ከግቢው አባወራዎች ሁሉ ውስጥ፣ በኤሌክትሪክ እንደሚያበስሉ በእርግጥ ያወቅናቸው» ነው። ውሸት የሚሆነው 53.5ን ወስዶ «ከግቢው ነዋሪ» ብሎ መጻፍ ነው። ጥንቁቅ ሠንጠረዥ ሠሪ ሁለት የመቶኛ ዓምድ ያወጣል፤ አንዱ ከተመለሰው ወረቀት ሁሉ፣ ሌላው ግልጽ መልስ ከሰጡት ብቻ። ያልተመለሱትንም 14 ወረቀቶች ከሠንጠረዡ ግርጌ ይጠቅሳቸዋል። አንባቢው የፈለገውን ይመዝን።

ይህ የአካፋይ ጉዳይ የግቢ ኮሚቴን ብቻ የሚያሳስት የሚመስለው ሰው በ1936 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር አሜሪካ የሆነውን ቢያይ ጥሩ ነው። «ሊተራሪ ዳይጀስት» የተባለ ታዋቂ ሳምንታዊ መጽሔት ስለ ፕሬዚዳንታዊው ምርጫ ለመጠየቅ ወደ 10 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሰዎች የሙከራ ድምፅ መስጫ ካርድ በፖስታ ላከ። የተመለሰው 2,376,523 ነበር። ከእነዚህ ውስጥ 1,293,669ኙ የሪፐብሊካኑን እጩ አልፍሬድ ላንደንን፣ 972,897ቱ በሥልጣን ላይ የነበሩትን ፍራንክሊን ሩዝቬልትን መርጠዋል። የቀረው ለሌሎች እጩዎች የተሰጠና ያልለየለት ነው። ሰዎች ይህን ውጤት ሲጠቅሱ አንዳንዱ ላንደን 57 በመቶ አገኙ ይላል፣ ሌላው 54። ልዩነቱን ያመጣው አካፋዩ ነው፤ የሁለቱን እጩዎች ድምፅ ብቻ ደምሮ ያካፈለ 57 ያገኛል፣ ለተመለሰው ካርድ ሁሉ ያካፈለ 54።

ትልቁ ስህተት ግን ከዚያም ይብሳል። ማንም ለተላኩት 10 ሚሊዮን ካርዶች ቢያካፍል ኖሮ ላንደንን እንደሚመርጥ የታወቀው ሰው 13 በመቶ ብቻ መሆኑን ያይ ነበር። ከአራት ሰው ሦስቱ ዝም ብሏል። ዝም ያሉት ደግሞ ከመለሱት ጋር አንድ ዓይነት አልነበሩም። በዚያ ላይ አድራሻዎቹ በአብዛኛው የተለቀሙት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ምዝገባ ነበር፤ በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ስልክም መኪናም የሌለው ብዙ ነበር፣ እሱም ወደ ሩዝቬልት ያዘነብላል። በምርጫው ቀን ሩዝቬልት 61 በመቶ ያህል ድምፅ አግኝተው ከ48ቱ ግዛቶች 46ቱን አሸነፉ። መጽሔቱ ከሁለት ዓመት በኋላ መታተም አቆመ። የመደመርና የማካፈል ስህተት አልተገኘበትም፤ ሠንጠረዡ በስሌት ደረጃ ንጹሕ ነበር።

ለዚህ ነው በግቢው 14 ያልተመለሱ ወረቀቶች ላይ ማፍጠጥ የሚያስፈልገው። ያልመለሱት እነማን ናቸው? ምናልባት ቀኑን ሙሉ ሥራ የሚውሉ፣ ወረቀቱ ሲሰበሰብ ቤት ያልተገኙ ይሆናሉ። ማታ ገብተው ፈጥነው በኤሌክትሪክ የሚያበስሉት ደግሞ እነሱ ከሆኑ የኤሌክትሪኩ ድርሻ ከእውነቱ ዝቅ ብሎ ታይቷል ማለት ነው። ሠንጠረዡ ይህን አይናገርም። በሩን ማንኳኳት ነው ያለው አማራጭ።

አካፋይን የሚያወሳስብ ሌላም ነገር አለ፤ አንድ ሰው ከአንድ በላይ መልስ ሲሰጥ። «በዋናነት» የሚለው ቃል ብዙ አባወራን ያስቸግራል። እንጀራው በኤሌክትሪክ ምጣድ ይጋገራል፣ ወጡ ቡታጋዝ ላይ ይሠራል፣ ቡናው ከሰል ላይ ይፈላል፤ መብራት የጠፋ ዕለት ደግሞ ሁሉም ከሰል ላይ ያልቃል። ስለዚህ ኮሚቴው ሁለተኛ ጥያቄ ጨምሯል እንበል፦ «በቤታችሁ ከምትጠቀሙባቸው ሁሉ ላይ ምልክት አድርጉ።» 48 አባወራ መለሰ። ኤሌክትሪክ ላይ 41፣ ከሰል ላይ 38፣ ቡታጋዝ ላይ 14፣ ነጭ ጋዝ ላይ 3 ምልክት ተገኘ። ድምሩ 96 ነው።

96 ምልክት ከ48 ቤት! እዚህ ላይ ሰው ይደነግጥና ድርሻዎቹ መቶ እንዲሞሉለት ለ96 ያካፍላል። ከሰል 38 ለ96፣ ወደ 40 በመቶ። ሠንጠረዡ አማረ፣ ድምሩ መቶ ሞላ። ግን ይህን የሚያነብ ሰው ከአሥር ቤት አራቱ ብቻ ከሰል እንደሚጠቀሙ ያስባል። እውነቱ 38 ለ48 ነው፤ 79 በመቶ፣ ከአምስት ቤት አራቱ። ትክክለኛው አካፋይ የሰዎቹ ብዛት ነው እንጂ የምልክቶቹ አይደለም። እንዲህ ሲሠራ ድርሻዎቹ ተደምረው ሁለት መቶ ይሆናሉ፤ ምንም ነውር የለውም። ከሥሩ «አንድ አባወራ ከአንድ በላይ መልስ ሊሰጥ ስለሚችል ድምሩ ከመቶ ይበልጣል» ብሎ መጻፍ ይበቃል። የዚህ ጥያቄ ረድፎች ከመጀመሪያው ጥያቄ ረድፎች ጋር በአንድ ሠንጠረዥ ውስጥ መቀላቀል ግን የለባቸውም።

ከዚህ በኋላ የሚቀረው መቶኛውን ምን ያህል ማመን እንደሚገባ ነው። በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤቶች ቆጠራ ኢትዮጵያ 73,750,932 ሰው ነበራት፤ ከዚህም 37,217,130ው ወንድ፣ 36,533,802ቱ ሴት ነው። ወንዶቹ 50.5 በመቶ፣ ሴቶቹ 49.5 ይሆናሉ። ሰባ ሦስት ሚሊዮን ሰው የተቆጠረበት ጉዳይ ላይ ከነጥብ በኋላ ያለችው አኃዝ ብዙ መቶ ሺህ ሰው ትሸከማለች። በእኛ ግቢ ግን አንድ አባወራ ብቻውን ከ50ው 2 በመቶ ነው። አንዲት እናት «ከሰል» የሚለውን ሰርዘው «ኤሌክትሪክ» ብለው ቢጽፉ የሠንጠረዡ ሁለት ረድፍ ሁለት ሁለት ነጥብ ይንቀሳቀሳል። እዚህ ላይ 53.5 ብሎ መጻፍ ቁጥሩ ያልያዘውን ጥራት ማስመሰል ነው። 54 ማለት፣ ከዚያም ይልቅ «ከ43ቱ 23ቱ» ማለት ይበቃል።

ትላልቆቹ ጥናቶች ይህን በደንብ ያውቃሉ። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ሪፖርቶችን የገለጠ ሰው አንዳንድ መቶኛ በቅንፍ ውስጥ ተቀምጦ፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ በቁጥር ፋንታ ኮከብ ብቻ ተደርጎ ያያል። ቅንፉ የተጠየቁት ሰዎች ከ25 እስከ 49 ብቻ ነበሩ ማለት ነው፤ ኮከቡ ደግሞ ከ25 ስላነሱ መቶኛው አልተጻፈም ማለት ነው። ብዙ ሺህ አባወራ ያነጋገረ ጥናት ከ25 ሰው በታች ላይ መቶኛ ለማውጣት ካፈረ፣ በአሥራ ሁለት ሰው ላይ ተመሥርቶ «66.7 በመቶ» የሚል የስብሰባ ሪፖርት ቢያፍር አይበዛበትም።

በነገራችን ላይ በእነዚያ ጥናቶች ውስጥ ያለው ቁጥር በቀጥታ ከወረቀት የተቆጠረ አይደለም። ሐረሪን ለመሰለ ትንሽ ክልል በቂ ሰው እንዲገኝ ከሕዝቡ ድርሻ በላይ አባወራዎች ይመረጣሉ፤ ከዚያ አገር አቀፉ ድርሻ ሲሰላ የእያንዳንዱ መልስ ክብደት በዚያ ልክ ይስተካከላል። የግቢ ኮሚቴ ሁሉንም ቤት ስለጠየቀ ይህ አያስፈልገውም። ከሦስት ግቢ ሠላሳ ሠላሳ ቤት ጠይቆ፣ አንዱ ግቢ ግን የሌሎቹን አምስት እጥፍ ነዋሪ የያዘ ከሆነ፣ ዘጠናውን መልስ ደምሮ ለ90 ማካፈል ትንንሾቹን ግቢዎች ከልካቸው በላይ ያናግራቸዋል።

ኮሚቴው ማመልከቻውን ሲጽፍ ታዲያ «ወረቀት ከታደላቸው 64 አባወራዎች 50ው መልሰዋል፤ ግልጽ መልስ ከሰጡት 43 አባወራዎች 23ቱ (54 በመቶ) በዋናነት የሚያበስሉት በኤሌክትሪክ ነው» ቢል ማንም አይከራከረውም፤ አንባቢው ወደ 36ም ወደ 46ም ራሱ ሊደርስ ይችላል። መጠይቅ አስሞልታችሁ ሠንጠረዥ የምታወጡም፣ ከርዕሱ ሥር ሦስት ነገር ጻፉ፦ ስንት ሰው ተጠየቀ፣ ስንቱ መለሰ፣ መቶኛው የተሰላው ከየትኛው ላይ ነው።